ካሜራዎቹ ሲበሩ ኢንተርኔቱ ለምን ይታነቃል? የድሬዎች ጥያቄና መልስ

ከሳቢያን፦ አራት ካሜራ ካስገጠምኩ ወዲህ ልጄ ከውጭ አገር ስትደውል ድምፄ ይቆራረጥባታል። ፊልም ግን ብዙም አያስቸግረኝም። ምን ይሆን?

እናቴ፣ ፊልም ወደ ቤት የሚገባ ነው፤ የእርስዎ ድምፅና ምስል ግን ከቤት የሚወጣ ነው። ካሜራዎቹ የዘጉት መውጫውን ነው። በላኩልኝ የፍጥነት ልኬት Upload የሚለው የመላኪያ ፍጥነት በሰከንድ 3 ሜጋቢት ነው። እያንዳንዱ ካሜራ ደግሞ ቀን ከሌት በሰከንድ 1 ሜጋቢት ወደ ክላውድ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ፣ እንዲልክ ተደርጓል። አራቱ 4 ይፈልጋሉ፣ መንገዱ 3 ብቻ ያሳልፋል፤ የእርስዎ ድምፅ ከኋላቸው ተሰልፎ ይጠብቃል። ለማረጋገጥ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ Command Prompt ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

```
ping -t 8.8.8.8
```

አንድ ደቂቃ ይመልከቱት፤ ከዚያ ካሜራዎቹን ከሶኬት ነቅለው እንደገና ይዩት። time ከሚለው ቀጥሎ በብዙ መቶ ሲዘል የነበረው ቁጥር ወዲያው ወርዶ ከረጋ፣ ምክንያቱ እነሱ ናቸው።

ከከዚራ፦ ምን ያደክማችኋል፣ ፓኬጅ ማሳደግ ነው! እኔ አሳድጌ ተገላገልኩ።

ወንድሜ፣ መላኪያውም አብሮ ካደገ ልክ ነህ። የሚያድገው መቀበያው ብቻ ከሆነ ግን ብሩ ይሄዳል፣ ችግሩ ይቀመጣል። እኔ መጀመሪያ የምነካው ካሜራውን ነው። ሙሉው ቀረጻ በካሜራው ውስጥ ባለው ሚሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጥ፤ ወደ ክላውድ የሚሄደው እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ይሁን። ለእናታችን አራቱንም እንዲህ ብናደርግ፣ ሁለቱ በአንዴ ቢቀሰቀሱ እንኳ 2 ሜጋቢት ነው የሚይዙት፤ ለስልኩ ቦታ ይተርፋል።

ከመጋላ፦ እኔ በእንቅስቃሴ ብቻ አድርጌዋለሁ፤ ግን ምንም ለውጥ የለም።

ካሜራህ ምን እያየ እንደሚቀሰቀስ ክሊፖቹን ከፍተህ እይ። የእኔ የበር ካሜራ በአንድ ቀን ከሁለት መቶ በላይ ክሊፕ ልኮ አገኘሁት፤ አብዛኛው ነፋስ የሚያወዛውዘው የኒም ቅርንጫፍ ነበር፣ የቀረው አላፊ ባጃጅ። ማታ ደግሞ ሸረሪት ሌንሱ ላይ ድር ታደራለች፤ የካሜራው የሌሊት መብራት ሲያርፍበት ድሩ ነጭ ሆኖ ይወዛወዛል። ሌንሱን ጠረግሁ፣ የሚከታተለውን ቦታ በሩና አጥሩ ላይ ብቻ ወሰንኩ፣ ዛፉንና አስፋልቱን አስወጣሁ። በማግስቱ ክሊፑ ከሃያ አልበለጠም።

ከገንደ ቆሬ፦ እኔ ስልኬ ላይ ካሜራውን ስከፍት የሞባይል ዳታዬን ይጨርሰዋል። ይኼም ያው ነው?

አይደለም እህቴ፣ ያ የስልክሽ ፍጆታ ነው። ስታዪ HD የሚለውን ወደ SD ቀይሪው።

ከሳቢያን፦ ሌባ ካሜራውን ከነካርዱ ቢወስደውስ?

ክላውዱን ጨርሰን ያልዘጋነው ለዚህ ነው፤ ወደ በሩ የሚመጣው ሰው ቪዲዮ ቀድሞ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ግን ራውተሩም አብሮ ስለሚጠፋ ምንም አይወጣም።

ከከዚራ፦ የጎረቤቴ ካሜራ ካርድ ማስገቢያም፣ ጥራት መቀነሻም የለውም። እሱስ?

ራውተሩ ላይ ለዚያ ካሜራ ብቻ የመላኪያ ገደብ ማበጀት ይቻላል፣ ራውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ። አንዳንዱ ካሜራ ሲገደብ ምስሉ እየተቆረጠ ያስቸግራል፤ አንዱን ሞክሬ አልሆነልኝም። የካሜራውን ሞዴል ጻፍልኝና አብረን እንየው።