የ12 ዓመቱ ዊስኪ ለምን ነጣ?

«ደብረ ማርቆስ በሆቴል ሙያ ተመርቄ ባሕር ዳር ለባር ሥራ ተፈተንኩ። ፈታኙ ሁለት ብርጭቆ አስቀምጦ፣ "ይህ የ12 ዓመት ስኮች ነው፤ ይህ ደግሞ የ4 ዓመት ቡርቦን። ልጁ ከትልቁ ለምን ጠቆረ?" አለኝ። "በ12ቱ ውሃ ገብቶበት ይሆናል" አልኩ፤ አላለፍኩም። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሆቴል ልፈተን ነው። ምን ብዬ ልመልስ?»

እህቴ፣ ፈታኙ የጠየቀሽ ስለ ዕድሜ ቢመስልም የሚፈልገው በርሜሉን እንድታነሺ ነበር። ስኮች የስኮትላንድ ዊስኪ ነው፣ ቡርቦን ደግሞ የአሜሪካ። ዊስኪ ተጣርቶ ሲወጣ እንደ አረቄ ቀለም የለውም። ቀለሙ የሚመጣው በኋላ፣ ኦክ ከሚባል ዛፍ እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ ሲተኛ ነው።

በርሜሉ ከመሞላቱ በፊት ውስጡ በእሳት ይለበለባል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል። ሄሚሴሉሎስ የሚባለው የእንጨቱ ክፍል በሙቀቱ ወደ ስኳርነት ተሰባብሮ ያርራል፤ ቡናማው ቀለምና የካራሜል ሽታ በብዛት ከዚህ ነው። ሊግኒን የሚባለው ደግሞ ሲሰባበር ቫኒሊን ይሰጣል፤ የቫኒላ ሽታ የሚሰጠው ይኸው ነው። ከከሰሉ በስተጀርባ ያለው ቀላ ያለ እንጨት ይህን ሁሉ ይይዛል። አየሩ ሲሞቅ አልኮሉ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥር የሚችለውን ይዞ ይወጣል። ከሰሉ በበኩሉ የድኝ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ስለሚይዝ መጠጡ ይለዝባል።

አሁን ወደ ሁለቱ ብርጭቆ። እናትሽ ቡና ስታፈላ አቦል ይጠቁራል፣ ቶና ይቀላል፣ በረካ ይቀጥናል፤ ቡናው ያው ቡና ነው፣ ውሃው ግን ሦስተኛው ነው። በርሜልም እንዲሁ ነው። ቡርቦን በሕግ አዲስ በተለበለበ የኦክ ዕቃ ውስጥ መቀመጥ ስላለበት ሁልጊዜ አቦሉን ያገኛል። ያ በርሜል ሥራውን ሲጨርስ አብዛኛውን ጊዜ ለስኮትላንድ ይሸጣል፤ እዚያ ደጋግመው ይሞሉታል። የፈተናሽ ስኮች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሙሊት ተኝቶ ከሆነ 12 ዓመትም ቢቆይ ይነጣል። በረካን እሳት ላይ ብታቆዪው አቦል እንደማይሆን ማለት ነው። ቡርቦን በብዛት የሚሠራባት የአሜሪካዋ ኬንታኪ በጋ ከስኮትላንድ በጣም ስለሚሞቅ ቡርቦኑ በ4 ዓመት ውስጥ ከእንጨቱ ብዙ ይጠጣል። ሼሪ የሚባለው ወይን የነበረበት በርሜል ደግሞ ቀላ ያለ ጥቁረት ይሰጣል።

ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በስኮች ላይ የካራሜል ቀለም መጨመር ተፈቅዷል፤ በቡርቦን ላይ ክልክል ነው።

ጣፋጭነቱስ? እዚህ ላይ ብዙ ተፈታኝ «ስኳር ይገባበታል» ይላል። በዊስኪ ውስጥ ያለው ስኳር ከቁጥር የማይገባ ነው። የቫኒላን ሽታ፣ እንዲሁም ላክቶን ከሚባሉት የኦክ ቅመሞች የሚመጣውን የኮኮናት ሽታ አፍንጫ ሲያገኝ አእምሮ «ጣፋጭ» ብሎ ይፈርዳል። ማረጋገጥ ከፈለግሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ዊስኪና አንድ ማንኪያ ሊኬር፣ ማለትም ስኳር የተጨመረበት መጠጥ፣ በሁለት ነጭ ሳህን አፍስሰሽ ሌሊቱን አሳድሪ። ጠዋት ሊኬሩ እንደ ማር ይጣበቃል፤ ዊስኪው ጥቂት እድፍ ትቶ ይደርቃል።

አሁን ጠርሙሱ ላይ ወዳለው ቁጥር እንምጣ። ስኮች ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መተኛት አለበት፤ ዕድሜ ከተጻፈ ደግሞ የሚጻፈው በድብልቁ ውስጥ ያለው የትንሹ ዕድሜ ነው። 95 ሊትር የ18 ዓመት ላይ 5 ሊትር የ10 ዓመት ቢጨመርበት ጠርሙሱ «10» ይላል። ስለዚህ ቁጥሩ «ከዚህ አያንስም» ይላል እንጂ አማካይ አይደለም፤ የበርሜሉን ስንተኛ ሙሊት እንደሆነም አይነግርሽም። የጠርሙስ ዓመትም አይቆጠርም፦ 12 ዓመት ሆኖ የታሸገ ቁም ሣጥን ውስጥ 20 ዓመት ቢቀመጥ ያው 12 ነው፤ እንጨት የለማ!

ታዲያ ትልቁ ለምን ይወደዳል? በስኮትላንድ በዓመት በግምት 2 በመቶው በእንጨቱ ተንኖ ስለሚሄድ 200 ሊትር ከ12 ዓመት በኋላ ወደ 157 ሊትር ይወርዳል። ዋጋው ይህን ኪሣራና የታሰረውን ገንዘብ ይሸከማል እንጂ ጣዕሙን አይመሰክርም። በጣም የቆየ ሊበላሽም ይችላል፦ ታኒን የሚባለው የእንጨቱ አኮማታሪ ነገር በዝቶ ምላስን እንደ ጥሬ ሙዝ ልጣጭ ካደረቀና የሳንቃ ሽታ ሌላውን ሁሉ ከሸፈነ እንጨቱ አሸንፎታል።

ፈታኙ በድጋሚ ቢጠይቅሽ በዚህ ቅደም ተከተል መልሺ፦ «በርሜሉ አዲስ ነበር ወይስ የተሞላ? ከዚህ በፊት ምን ነበረበት? ቀለም ተጨምሯል?» ዕድሜውን በመጨረሻ አንሺው። እስከዚያው ግን ዊስኪ የተቀዳበትን ብርጭቆ ሳታጥቢ አሳድሪውና ጠዋት አሽትቺው፤ አልኮሉ ስለሄደ ቫኒላውና እንጨቱ ለብቻቸው ቁጭ ብለው ይጠብቁሻል።