ደንበኛችሁን ደላላ አታድርጓት

አዲስ ንግድ ለከፈታችሁ ልጆቼ፣

ያረጀሁት የትናንሽ ንግድ ቤቶችን ሂሳብ ስይዝ ነው። ወጣት ባለሱቆች ዘወትር «ደንበኛ ላመጣልኝ ሰው ምን ልስጠው?» ይሉኛል። እኔም መልሼ «አንድ ደንበኛ ስትስተናገድ በእጅህ የሚቀረው ስንት ነው?» እላለሁ። ብዙዎቹ ያን ጊዜ ዝም ይላሉ።

የሴቶች ፀጉር ቤት እንውሰድ። ደንበኛዋ በአንድ ጊዜ 800 ብር ትከፍላለች እንበል። ፀጉር ሠሪዋ በ40 በመቶ ኮሚሽን 320 ብር ትወስዳለች፤ ለሻምፑ፣ ለቅባት፣ ለውሃና ለመብራት 180 ብር ይወጣል። የሚቀረው 300 ብር ነው፤ የቤት ኪራዩም የሚከፈለው ከዚሁ ነው።

ጥሬ ገንዘብ አትስጡ። በእኛ አገር ሰው አገናኝቶ ብር የሚቀበል ደላላ ይባላል። ጓደኛዋን ወደ እናንተ የመራች ሴት ብር እንደተቀበለች ከተሰማ ምክሯ ይረክሳል፣ እሷም ታፍራለች። ይልቅ ከቤታችሁ ሙያ ስጧት። 300 ብር የሚጠየቅበት ትሪትመንት እናንተን የሚያስወጣችሁ የ60 ብር ዕቃና የ120 ብር ኮሚሽን፣ በድምሩ 180 ብር ነው። ይህችን ኮሚሽን ለማትረፍ ግን እንዳትሞክሩ። «ነጻ ነውና ድርሻ የለሽም» የተባለች ፀጉር ሠሪ እንግዳዋን በጥድፊያ ጨርሳ ትሸኛታለች፤ ሽልማት ያላችሁትም ቅሬታ ሆኖ ይመለሳል።

አዲሷም እንግዳ በመጀመሪያ ቀኗ 80 ብር ይቀነስላት። ይህን የማደርገው ለአዲሷ ብዬ ብቻ አይደለም፤ የላከቻት ጓደኛዋ «ቅናሽ አስገኘሁልሽ» የምትልበት አፍ እንድታገኝ ነው።

የላኪዋ ሽልማት የሚሰጠው ግን አዲሷ ለሁለተኛ ጊዜ መጥታ ስትከፍል ነው። ከመጀመሪያው ቀን 220 ብር፣ ከሁለተኛው 300 ብር ይቀራችኋል፤ ከዚህ 520 ላይ 180 ወጥቶ 340 ብር ይተርፋል። በመጀመሪያው ቀን ብትሰጡ ኖሮ በእጃችሁ የሚቀረው 40 ብር ብቻ ነበር፤ እንግዳዋም ላትመለስ ትችላለች።

ለመመዝገቢያ አንድ ደብተር ይበቃል። አዲስ እንግዳ ገና ስትቀመጥ «በማን በኩል መጡ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሁለቱንም ስልክ ጻፉ። ስም ይመሳሰላል፣ ስልክ ግን የድሮ ደንበኛ አዲስ መስላ ስትመጣ ያጋልጣል። ነገሩን ለደንበኛ የምትነግሩበት ሰዓትም አለው፤ ሂሳብ ስትከፍል ሳይሆን መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን ወዲያና ወዲህ እያዞረች ስታይ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ግለጡ። በሰው ተልከው ከመጡት አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ብቻ ታይተው ከቀሩ ሽልማቱን ለማሳደግ አትቸኩሉ። ለጥቂቶቹ ደውሉና ለምን እንደቀሩ ጠይቁ፤ ረጅም ወረፋ ወይም የአንዲት ሠራተኛ አመል ሊሆን ይችላል፤ እሱ እስኪስተካከል ቅናሹን አቁሙት።