ድር ሲላላ፣ ጠርዝ ሲጠብ፦ ስለ ፍሬም ሽመና የተላኩ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ እያንዳንዱን ክር እኩል እየሳብኩ ነው ድሩን ያደራሁት። ስጨርስ ግን የመጀመሪያዎቹ ክሮች ላልተው፣ የመጨረሻዎቹ እንደ ክራር ጅማት ተወጥረው አገኘኋቸው። ጥፋቱ የእጄ ነው ወይስ የእንጨቱ?

በአብዛኛው የእንጨቱ ነው። አንድ የድር ክር በ150 ግራም ያህል ኃይል ቢወጠር አግዳሚውን እንጨት ምንም አያደርገውም። 40 ክሮች ሲሆኑ ግን በድምሩ 6 ኪሎ ግራም ይደርሳሉ፤ ያ ሁሉ ኃይል የላይኛውንና የታችኛውን አግዳሚ ወደ ውስጥ ይስባል። ክር በተጨመረ ቁጥር አግዳሚዎቹ በጥቂቱ ይጎብጣሉ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ያጥራል። ቀደም ብሎ የተደራው ክር ርዝመቱ ያው ስለሆነ ይላላል። መጨረሻ ላይ የተደራው ግን እንጨቱ ከጎበጠ በኋላ ስለተወጠረ እንደጠበቀ ይቀራል። ጥጥ ብዙ የማይለጠጥ ክር በመሆኑ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ በጣት ይታወቃል።

ስለዚህ ድር በአንድ ዙር አያልቅም። በመጀመሪያው ዙር ክሩ ቦታውን ይይዛል፣ በሁለተኛው ውጥረቱ ይስተካከላል። አንድ ፍሬም ወስደን እንየው። ከላይና ከታች ባሉት የምስማር ረድፎች መካከል 50 ሴንቲ ሜትር አለ። በየአግዳሚው ላይ 40 ምስማሮች በ5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተመትተዋል (እንዲህ የተቀራረበ ምስማር እንጨት ስለሚሰነጥቅ ቀዳዳውን አስቀድሞ በቀጭን መብሻ መብሳት ያስፈልጋል)። 40 ክር በ50 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ 20 ሜትር ይሆናል፤ ለመዞሪያና ለመቋጠሪያ ጨምረው 22 ሜትር ያህል ክር ሳይቋረጥ ይጠቅልሉ። መሐል ላይ ቋጠሮ ያለበት ድር ማስተካከያው ዙር ላይ ምስማሩን አላልፍ ይላል።

ክሩን ከታች በግራ በኩል ባለው የመጀመሪያ ምስማር ላይ አስረው ወደ ላይ ይውሰዱት። በላይኛው 1ኛና 2ኛ ምስማር አናት አሳልፈው ይመልሱት፣ ታች ደግሞ በ2ኛውና በ3ኛው ሥር አዙረው እንደገና ወደ ላይ ይሂዱ። ሁልጊዜ በሁለት ምስማር ላይ ካዞሩት ክሮቹ በትክክል በ5 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። በአንድ ምስማር ላይ ብቻ ከዞረ ግን ክሮቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይጠጋጋሉ። በዚህ ዙር አጥብቀው አይሳቡ፤ ክሩ ሳይረግብ ቀጥ ብሎ ከቆመ ይበቃል። 40ኛው ክር ታች በቀኝ በኩል ያልቃል፤ እዚያ በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ ብቻ ያስሩት።

አሁን ወደ 1ኛው ክር ይመለሱ። በግራ እጅ ጣት ይዘው ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት፣ የወጣውን ትርፍ በምስማሮቹ ላይ አሻግረው ለ2ኛው ያስረክቡ፤ ከዚያ ከ2ኛው ወደ 3ኛው፣ እያሉ እስከ 40ኛው ድረስ። ትርፉ በሙሉ መጨረሻ ላይ ይሰበሰባል። ቋጠሮውን ፈተው መልሰው ይሰሩትና ዙሩን ይድገሙት። በድጋሚው ዙር የወጣው ትርፍ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ አንድ ዙር ይጨምሩ።

ፍሬሙን ገና ሊሠሩ ለሚያስቡ አንድ ነገር ልጨምር። 2 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት ሰፊው ጎኑ በፍሬሙ ገጽ ላይ ተኝቶ ከተገጠመ፣ ማለትም 4 ሴንቲ ሜትሩ በድሩ መሳቢያ አቅጣጫ ከዋለ፣ በጠባቡ ጎኑ ከተገጠመው ይልቅ መጉበጥን አራት እጥፍ ይቋቋማል። እንጨቱም ዋጋውም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ድር ምን ያህል መወጠር አለበት? የሹራብ ክር ለድር ይሆናል?

50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ድር መሐል ላይ በአንድ ጣት ቀለል አድርገው ሲጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ ልክ ነው። በግራ፣ በመሐልና በቀኝ ይሞክሩት። እኔ ዓይን ጨፍኖ መሞከርን እመርጣለሁ፤ ዓይን ቀጥ ያለ መስመር ካየ ውጥረቱም እኩል ይመስለዋል፣ ጣት ግን አይታለልም። አግዳሚው በብዛት የሚጎብጠው መሐሉ ላይ ስለሆነ የላላውን ክር መጀመሪያ እዚያ ይፈልጉ።

ከዚህ በላይ ማጥበቅ ኋላ ያስቸግራል። ማግ አንድ ክር በላይ፣ አንድ ክር በታች እያለ ሲያልፍ የድሩ ክርም ይጎብጣል፤ ለዚያ ጉብጠት የሚሆነው ርዝመት የሚመጣው ከውጥረቱ ነው። ሥራው በገፋ ቁጥር ድሩ በራሱ እየጠበቀ ይሄዳል። ስለዚህ በሁለቱም አግዳሚዎች አጠገብ ከድሩ ሥር 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ድቡልቡል እንጨት ያስገቡ። እንጨቶቹ ድሩን ከፍ አድርገው ሁሉንም ክር በአንድ ጊዜ ይወጥራሉ። መጨረሻ ላይ ድሩ አላላውስ ሲል አንዱን ማውጣት ነው።

የሹራብ ክር ለማግ ጥሩ ነው፣ ለድር ግን ይለጠጣል፤ ዛሬ እኩል የወጠሩት ነገ እኩል አይሆንም። ለድር በደንብ የከረረ፣ ለስላሳ የጥጥ ክር ይምረጡ። በእጅ የተፈተለ ነጠላ ፈትልም ውፍረቱ ስለሚለያይ ቀጭኑ ቦታ ላይ ይበጠሳል። በብዙ ቦታ ሸማኔዎች ለድር የፋብሪካ ክር ወስደው ፈትሉን ለማግ የሚያውሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥያቄ፦ ስጀምር ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፣ መሐል ስደርስ 16 ሆነ። ድሩን እኩል ወጥሬ ነበር። ለምን ይጠባል?

እዚህ ላይ ማጉ አጥሯል። የሸማኔው መምቻ ጥርሶቹ የድሩን ክሮች በየቦታቸው ይዘው ስፋቱን ይጠብቁለታል። ቀላሉ ፍሬም ግን ያ ጥርስ የለውም፤ ስፋቱን የሚጠብቀው በየመስመሩ የሚገባው የማግ ርዝመት ብቻ ነው። ማጉ ከላይ ከታች እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ከጨርቁ ስፋት የበለጠ ርዝመት ይፈልጋል። ያንን ርዝመት ካልሰጡት ከዳር ክሮቹ ይወስዳል።

ጥፋቱ በየመስመሩ የማይታይ መሆኑ ነው የሚያታልለው። በሴንቲ ሜትር 4 መስመር ከገባ 30 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ 120 መስመር አለው። እያንዳንዱ መስመር 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያጠብ ድምሩ 36 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእርስዎም 4 ሴንቲ ሜትር በዚሁ መንገድ የጠፋ ነው።

ማጉን ቀጥ አድርገው አይዘርጉት። ሁለቱ ጫፎቹ የተሸመነውን ነክተው መሐሉ ወደ ላይ እንደ ቀስት ይውጣ። 19.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ቀስቱ መሐሉ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ማጉ ከስፋቱ በ6 በመቶ ያህል ይረዝማል፣ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ደግሞ በ11 በመቶ ያህል። ለቀጭን ማግ በ3 ይጀምሩ፣ ወፍራም ማግ ወደ 4 ይጠጋል። ከዚያ በሹካ ወይም በማበጠሪያ መጀመሪያ የቀስቱን መሐል፣ ቀጥሎ ግራና ቀኙን ወደ ታች ይምቱ። ጨርቁ ላይ ትናንሽ የክር ቀለበቶች ብቅ ካሉ ቀስቱ በዝቷል፤ የዳሩ ክር ወደ ውስጥ ካዘነበለ አንሷል።

ማጉ ዳር ላይ ሲታጠፍ የመጨረሻውን የድር ክር በሌላው እጅ ጣት ይያዙት፤ ማጉ ክሩን ይንካው እንጂ አይጎትተው። በየ3 ሴንቲ ሜትሩ በማስመሪያ ይለኩ፣ 5 ሚሊ ሜትር ከጠፋ እስኪስተካከል ድረስ ይፍቱ። ከላይ በሰፊ ማግ አካክሳለሁ ብሎ መቀጠል አያዋጣም፤ የጠበበው ቦታ እንደጠበበ ይቀራል። በየ5 ሴንቲ ሜትሩም ከጨርቁ የዳር ሁለት ክሮች ላይ ትንሽ ክር አስረው ከፍሬሙ ቋሚ ጋር ቢያያይዙት፣ በግራም በቀኝም፣ ስፋቱ ባለበት ይቆማል። ሲጨርሱ ቆርጠው ያወጡታል።

ጥያቄ፦ የግራው ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፣ የቀኙ ግን ሞገድ ይመስላል።

የቀኙን የመጨረሻ ክር በጣት ይጫኑት። ከጎረቤቱ በላይ የሚወርድ ከሆነ የመጨረሻው ቋጠሮ ተንሸራቷል። ፈተው ትርፉን ይውሰዱ፣ ክሩን ምስማሩ ላይ ሦስት ጊዜ ከጠቀለሉ በኋላ ይቋጥሩት፤ ያኔ ውጥረቱን የሚሸከመው ጥቅሉ እንጂ ቋጠሮው አይሆንም። ክሩ እንደሌሎቹ የጠበቀ ከሆነ ግን ድሩ ደህና ነው፤ እጅዎ በቀኝ በኩል ሲታጠፍ ማጉን አንዴ እየሳበ አንዴ እየለቀቀ ነው።

ሁለቱን የዳር ክሮች ማጠንከርም ይረዳል፤ መታጠፊያው ሁሉ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። በየዳሩ አንድ የተለየ ክር ከ1ኛውና ከ40ኛው ጎን በእኩል ውጥረት ያስሩ። ሲሸምኑ ጥንዱን እንደ አንድ ክር ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ግማሽ ከሠራሁ በኋላ መሐል ያለ አንድ ክር ላላብኝ። ልቁረጠው?

አይቁረጡት። ትርፉን በጣት ወደ ላይኛው አግዳሚ ገፍተው ክሩን ምስማሩ ላይ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ያዙሩት። ለዚያ የማይበቃ ትንሽ ከሆነ የታጠፈ ካርቶን በክሩና በአግዳሚው መካከል ይሰኩ።

ጥያቄ፦ ከፍሬሙ ሳወጣው ጨርቁ ተጣመመ።

የጠበቁት ክሮች ሲለቀቁ ከላሉት የበለጠ ይሰበሰባሉ፤ ፍሬሙ ላይ ተደብቆ የነበረው ልዩነት ያኔ ይወጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ማግ ከመጀመርዎ በፊት 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት የካርቶን ቁራጮች አንዱን በላይ፣ አንዱን በታች እያሉ በድሩ ውስጥ ያሳልፉ። የላላ ክር ካርቶኑ ላይ ጎበጥ ብሎ ይታያል፣ ገና ማግ ስላልገባም በአንድ ዙር ይስተካከላል።

አሁን ለተጣመመው ግን፣ ጥጥ ከሆነ፣ ለብ ባለ ውኃ አርጥበው፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ማዕዘኖቹን በመርፌ ወጥረው እስኪደርቅ ይተዉት። ጥቂት ሚሊ ሜትር ይመለሳል፤ ከዚያ በላይ የተጣመመውን ውኃ አያቃናውም።