የዶላር አድቫንስና የዶላር ዕዳ ሪቫሉዌሽን ላይ አንድ አይደሉም

ጥያቄ፦ «ሰላም የግሩፑ አባላት፣ ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ፋይናንስ ላይ ነው የምሰራው። ኢአርፒ ኔክስት ነው የምንጠቀመው። ከውጭ ለምናስመጣው ዕቃ የከፈልነውን አድቫንስ ዶላር በጨመረ ቁጥር ሲስተሙ ትርፍ አድርጎ ያመጣዋል፣ ኦዲተሩ ደግሞ አልቀበልም አለ። በየወሩ ሪቫሉዌሽን ስሰራም ኪሳራው እየተደራረበ መጣ። ምኑ ጋ ነው የተበላሸው እህቶች ወንድሞች?»

መልስ፦

አብሽሪ እህቴ፣ የሚስተካከል ነገር ነው። ግን ኦዲተሩ ልክ ነው። እኔ ደሴ ነው ያለሁት፣ ኮምቦልቻ ለሚገኝ አስመጪ ፋብሪካ ይሄንኑ ሲስተም እከታተላለሁ፣ ስለዚህ የምልሽ በእጄ የማየውን ነው።

ነገሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ተደባልቀው ነው። ለሳፕላየሩ በዶላር ገና የምትከፍይው ዕዳ ካለ ሬቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በብር ይጨምራል፣ እሱ ሪቫሉ ይደረጋል። አድቫንስ ግን ተከፍሎ አልቋል፣ ተመልሶ የሚመጣው ዶላር ሆኖ ሳይሆን ዕቃ ሆኖ ነው፣ ስለዚህ በከፈልሽበት ቀን ሬት ይቆማል። አይኤኤስ 21 እና በተለይ አይፍሪክ 22 የሚሉት ይሄንን ነው። ኦርደሩ ተሰርዞ ሳፕላየሩ ዶላሩን ሊመልስልሽ ከተስማማ ብቻ ነው ያ ገንዘብ ተሰብሳቢ ሆኖ ሪቫሉዌሽን ውስጥ የሚገባው።

በቁጥር ላሳይሽ። 100,000 ዶላር ዕቃ አዘሻል እንበል፣ 30,000 አድቫንስ ብሩ ፍሎት ከመደረጉ በፊት በ57 ከፈልሽ፣ ማለትም 1,710,000 ብር። ከዛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ገበያው ተለቀቀ፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ዕቃው ደረቅ ወደብ ገብቶ ስትረከቢ የባንክሽ ሬት 110 ሆነ በይ። ትክክለኛው የዕቃ ዋጋ 30,000 በ57 ሲደመር 70,000 በ110 ነው፣ 1,710,000 እና 7,700,000፣ ድምሩ 9,410,000 ብር፣ በአማካይ ዶላሩ 94.10 መጣ ማለት ነው። አንቺ ግን አንድ ኢንቮይስ በ110 ስትሰሪ ሲስተሙ ዕቃውን 11,000,000 ብሎ ይመዘግባል፣ አድቫንሱን ሲያቻችል ደግሞ በ57 እና በ110 መሀል ያለውን 1,590,000 ብር ኤክስቼንጅ ጌይን ብሎ ያወጣዋል። ማንም ያላገኘው ትርፍ! ዕቃው ተሽጦ ካለቀ የተሸጠው ዕቃ ወጪም በዛው ልክ ስለሚበዛ ይጣፋል፣ ስቶር ውስጥ ከተቀመጠ ግን ትርፍሽም ስቶክሽም ያለ አግባብ ያብጣሉ፣ ኦዲተሩ የያዘው እዚህ ጋ ነው። ዋጋ የሚያወጡትም ሰዎች ከዚህ ቁጥር ተነስተው ስለሆነ የሚተምኑት ዕቃው ገበያ ላይ ከሚገባው በላይ ይወደዳል፣ እኔን ከኦዲቱ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

መፍትሄው ኢንቮይሱን ለሁለት መክፈል ነው። አንዱ የ30 ፐርሰንቱ መጠን በ57፣ ሌላው የ70 ፐርሰንቱ በ110። ስቶር ርክክቡንም በዛው ልክ ለሁለት ክፈይው፣ ዊትድ አቬሬጅ የምትጠቀሙ ከሆነ የዚህ ጭነት ዋጋ በራሱ 94.10 ላይ ይወድቃል። አንድ ኢንቮይስ ላይ 94.10 ፅፌ ልገላገል እንዳትይ፣ ያን ጊዜ የቀረው የ70,000 ዕዳ ከ110 ይልቅ በ94.10 ይቀመጥና ወር መጨረሻ ላይ ያልነበረ ኪሳራ ይወጣል። አድቫንሱን ከዕዳው ለመለየት ደግሞ ካምፓኒ ሴቲንግ ላይ `Book Advance Payments in Separate Party Account` የሚለውን አብሪው (አዲሱ ቨርዥን ላይ አለ)፣ ያለዚያ አድቫንሱ ክሬዲተርስ ውስጥ ገብቶ ከዕዳው ጋ ተጣፍቶ ይታያል። ሪቫሉዌሽኑ ላይ `Get Entries` ስትይም የአድቫንሱ አካውንት ከመጣ ሰብሚት ከማድረግሽ በፊት ረድፉን ሰርዢው።

አንድ ነገር ቼክ አድርጊ፣ የሳፕላየሩ አካውንት ከረንሲ ዶላር ነው ወይስ ብር? ብር ከሆነ ኢንቮይሱ በዶላር ቢሰራም ሪቫሉዌሽኑ ጨርሶ አያየውም፣ ዝም ይላል እንጂ ኤረር አይሰጥም። አካውንቱ ላይ ምዝገባ ካለ ከረንሲ መቀየር አይፈቅድም፣ አዲስ የዶላር ክሬዲተር አካውንት መክፈት ነው፣ ለሳፕላየሩም ብዙ ጊዜ አዲስ ሬከርድ ያስፈልጋል።

መደራረቡ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ያው 70,000 ወር መጨረሻ ላይ ሬቱ 120 ቢሆን 700,000 ብር ኪሳራ ትመዘግቢያለሽ፣ ይሄ ገና ያልተከፈለ ነው። በሚቀጥለው ወር በ124 ስትከፍይ ሲስተሙ የሚያሰላው ከኢንቮይሱ ሬት ከ110 ተነስቶ ስለሆነ 980,000 ብር ኪሳራ ያወጣል። እውነተኛው ጠቅላላ ኪሳራ 980,000 ብቻ ነው፣ የወር መጨረሻውን ካላነሳሽ ግን 1,680,000 ተመዘገበ። ስለዚህ የሪቫሉዌሽኑን ጆርናል በማግስቱ ቀን፣ የአዲሱ ወር የመጀመሪያ ቀን ላይ፣ ሪቨርስ አድርጊው፣ ጆርናሉ ላይ ሪቨርስ የማድረጊያው በተን አለ። ይሄ መዘለሉን እንዴት ታውቂያለሽ? ተከፍሎ ያለቀ ሳፕላየር አካውንት ክፈቺ፣ በዶላር 0 ሆኖ በብር 700,000 የሚል ቀሪ ካየሽ በቃ እሱ ነው። በየወሩ መዝጊያ ላይ ይቺን አይቼ ነው የምዘጋው። ላልተከፈለውና ለተከፈለው ኪሳራ የተለያየ አካውንት ስጫቸው፣ አለበለዚያ ግብር ሰዓት ላይ ለመለየት ትሰቃያለሽ።

ሬቱን በተመለከተ፣ ከኢንተርኔት ራሱ ያመጣዋል ብለሽ አትተማመኚ። ለዕዳ የባንክሽን የመሸጫ ሬት በቀኑ `Currency Exchange` ላይ ራስሽ አስገቢ፣ አሁን ባንክና ባንክ ስለሚለያይ ከየትኛው እንደወሰዳችሁ በፅሁፍ ያዙ፣ በየወሩ አትቀያይሩ። `Allow Stale Exchange Rates` የሚለውን አጥፊው፣ በርቶ ከተተወ የዛሬውን ሲያጣ የድሮውን ሬት ዝም ብሎ ይወስዳል፣ እንደዚያ 2016 ሐምሌና ነሐሴ ዓይነት ሰሞን ላይ የሳምንት ሬት እንኳ ትልቅ ገንዘብ ነው። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ላይ ያለው ሬት ቀረጡን ለማስላት ነው፣ ኢንቮይሱ ላይ አትገልብጪው።

ቀኑንም ተጠንቀቂ። ሲስተሙ በፈረንጅ ካላንደር ስለሆነ ብዙ ሰው ጁን 30 ብሎ ይሰራዋል፣ የኛ በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ደግሞ ጁላይ 7 ነው። የ2016ቱን ከዘጋችሁ በኋላ የመጣው የሐምሌ 22ቱ ለውጥ የ2016 ሂሳብ ውስጥ ቁጥር ሆኖ አይገባም፣ ማብራሪያ ላይ ይጠቀሳል እንጂ ዕዳው በሰኔ 30 ሬት ነው የሚቀመጠው።

አሁን ላለው ለተበላሸው፣ የድሮውን ሰብሚት የተደረገ ነገር ካንስል እያደረግሽ አትሂጂ፣ ስቶኩ ድረስ ይናጋል። በዚህ ዓመት ውስጥ ያሉትን ያልተነሱ ሪቫሉዌሽኖች ሪቨርስ አድርጊ፣ የአድቫንሱን ጌይን ደግሞ ዕቃው ስቶር ውስጥ እስካለ ድረስ የስቶኩን ዋጋ በዛው ልክ በማውረድ፣ የወጣውን ያህል ከተሸጠው ዕቃ ወጪ በመቀነስ አስተካክይው። ኦዲት ተደርጎ የተዘጋ ዓመት ውስጥ የገባ ካለ ግን ብቻሽን አትንኪው፣ ከኦዲተሩ ጋ ቁጭ ብላችሁ መጠኑን አይታችሁ ነው የምትወስኑት።