የ«ሰ» ፉጨት፦ 48,000ን ወደ 8,000 ስትቀይሩ

ጥያቄ፦ «ለስልክ ምናሌ የተቀዳ ድምፅ በሰከንድ ከ48,000 ናሙና ወደ 8,000 ስቀይረው ‹ሰ› እና ‹ሸ› ላይ ፉጨት ይገባበታል። በኋላ በፊልተር ላጠፋው ሞክሬ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ በኋላ በፊልተር መልፋቱን ተወው። አይጠፋም።

1. ፊልተሩ የሚገባው ከመቀየርህ በፊት ነው። በሰከንድ 8,000 ናሙና ስትወስድ በትክክል የሚያዝልህ ከ4,000 ኸርዝ በታች ያለው ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ዝም ብሎ ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን ታጥፎ ይመለስና ሌላ ድምፅ መስሎ ይገባል። 5,000 ኸርዝን ውሰድ። ከአንዱ ናሙና እስከ ቀጣዩ የዑደቱን 5/8 ይሄዳል። 3,000 ኸርዝ ደግሞ 3/8። ክብ ላይ 5/8 ወደፊት መሄድና 3/8 ወደኋላ መሄድ ያው አንድ ቦታ ነው የሚያደርስህ። ስለዚህ የ5,000ው ድምፅ ከ8,000 ናሙና በኋላ 3,000 ሆኖ ቁጭ ይላል። 6,000ው 2,000 ይሆናል። የ«ሰ» ጉልበት ደግሞ በብዛት ከ4,000 በላይ ነው። አንዴ ከታጠፈ ከእውነተኛው 3,000 የሚለይበት ምልክት የለውም፤ እሱን ስታጠፋ የሰውየውን ንግግርም አብረህ ትቆርጣለህ።

2. ኮድህ ውስጥ ይቺን መስመር ፈልግ፦

```
y = x[::6]
```

ከስድስት ናሙና አንዱን ይዞ አምስቱን ይጥላል፣ ያለ ምንም ፊልተር። እኔን ያቃጠለችኝ እሷው ናት። የቀዳሁትን ድምፅ አንድ መሥሪያ ቤት አስረከብኩ፣ የእነሱ ሰው በዚህ ቀየረው፣ ፉጨቱ መጣ። ኃላፊው «አንባቢዋ ጥርሷ ክፍት ነው እንዴ?» አለኝ፣ ልጅቷ አጠገቤ ቆማ! ክፍያዬንም ያዙብኝ። እኔም 5,000 ኸርዝ የሆነ ንጹህ ድምፅ ሠርቼ በእነሱው ፕሮግራም አሳለፍኩት፦

```
sox -n -r 48000 t.wav synth 3 sine 5000
```

ትክክለኛ መቀየሪያ ቢሆን ከጫፎቹ በቀር ዝም ማለት ነበረበት። የእነሱ 3,000 ላይ ጥርት አድርጎ አፏጨ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ይቅርታ ያለ ግን የለም፣ ገንዘቡ ብቻ ተለቀቀ። መስመሯን እንዲህ ተካኋት፦

```
y = scipy.signal.resample_poly(x, 1, 6)
```

ይሄኛው አስቀድሞ ያጣራል። አንተም መጀመሪያ በ5,000ው ፈትሽ፣ ከዚያ ነው ንግግሩን የምታሳልፈው።

ኃላፊው «እስከ 4,000 ይችላል ካልክ ስልክ ለምን 3,400 ላይ ያቆማል?» ብሎም ሊይዘኝ ሞክሮ ነበር። ፊልተር በአንዴ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም፣ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። የ600ው ክፍተት የመውረጃ ቦታው ነው።

ፉጨቱ ከጠፋ በኋላ «ሰ» እና «ፈ» ሊመሳሰሉብህ ይችላሉ። እሱ የስልኩ ጠባይ ነው፤ መለያቸው በብዛት ከ3,400 በላይ ስለነበር ተቆርጦ ቀርቷል። ለዚያ ብሎ አንባቢዋን ድጋሚ ቅዳ የሚልህ ካለ ሁለተኛ ክፍያ ጠይቀው።