ቆጣሪው ወረቀቱን አይይ

ስቶር ሥራ ገና ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ የተቀጠራችሁት ጥቂት ሰው በሚሠራበት ትንሽ መጋዘን ነው። ዕቃ እንዴት ነው የምትረከቡት ብትባሉ መልሱ «እንደለመድነው» ነው። እኔም እንደለመድነው ስረከብ ኖሬ አንድ ማታ ጉድ ሆንኩ።

300 ካርቶን ብስኩት የጫነ አይሱዙ መጣ። መሽቷል፣ ዝናቡ ሊወርድ ነው፣ ሹፌሩ ይቸኩላል። ወዛደሮቹ ግድግዳ ሥር ደረደሩት፤ ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 10፣ ከፍታው 6። አባዛሁት፣ 300 መጣ። ወረቀቱም 300 ይላል። ፈረምኩ። በሳምንቱ ክምሩ ሲፈርስ ከታች ባሉት አራት ድርብርቦች መሀል ሁለት ሁለት ካርቶን የለም። ከላይ ያሉት ተጠላልፈው ስለተደረደሩ ክፍተቱን ሸፍነውታል። የስምንቱ ካርቶን ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ። ሌባው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊርማው ግን የኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ የአረካከብ መመሪያ ጽፌ በሩ አጠገብ ለጠፍኩ። ዋናው ነገር ሁለት ነው።

አንደኛው፣ የሚቆጥረው ሰው የተላከውን ብዛት አያይም። የማስረከቢያውን ወረቀት ከግዢ ትዕዛዙ ጋር የሚያመሳክረው ሌላ ሰው ነው። ለቆጣሪው የዕቃው ስም ብቻ የተጻፈበት፣ የብዛት ቦታው ባዶ የሆነ ወረቀት ይሰጠዋል። 300 የሚለውን ቀድሞ ያየ ሰው 296 ላይ ቢደርስ «ተሳስቼ ነው» ብሎ ራሱን ያርማል። እኔም 300 የሚለውን ቀድሜ ስላየሁ ነው ማባዛቱን ያመንኩት። ሰው ከሌላችሁ ጥበቃው ወረቀቱን ይያዝላችሁ፤ ማንበብ እንኳ አይጠበቅበትም።

ሁለተኛው፣ መሀሉ የማይታይ ክምር አትቁጠሩ። በፓሌት ላይ 2 በ4 አድርጋችሁ፣ 5 ከፍታ ደርድሩ፤ 40 ይሆናል። ሁለት ወርድ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ካርቶን አንድ ፊቱ ወደ ውጭ ነው። አንድ ጊዜ ዞራችሁ ብታዩት የተደበቀ ነገር የለም። የኔ ብስኩት በዚህ መንገድ ቢደረደር 7 ሙሉ ፓሌትና 12 ካርቶን ይሆን ነበር፤ 292። ጉድለቱ ሹፌሩ ሳይሄድ ይታወቅ ነበር።

ከቆጠራ ቀጥሎ ምርመራ ነው። ሸራው ሲገለጥ፣ ምንም ሳይወርድ፣ የረጠበና የተጨፈለቀ ካለ ፎቶ አንሱ። ከወረደ በኋላ «እናንተ ጋ ነው የራሰው» ይባላል። ከዚያ ከተለያየ ቦታ ጥቂት ካርቶን ከፍታችሁ የእሽጉን ብዛትና የማብቂያ ጊዜውን እዩ። ከፊት ያለውን ብቻ አትክፈቱ፤ አሮጌው ከኋላ ነው የሚቀመጠው።

የማብቂያ ጊዜው ላይ የኛ አገር ልዩ ጣጣ አለ። ካርቶኑ ላይ 05/2026 ይላል እንበል። አንዱ ጸሐፊ ወሩን በኛ ቆጥሮ ጥር ብሎ ይመዘግባል። ፈረንጆቹ ግን ሜይ ማለታቸው ነው፤ በኛ ሚያዝያና ግንቦት 2018 ላይ ይውላል። እኔ ያጋጠመኝ የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ሁለቱም ዓይነት ተቀላቅሎ ነው፤ ቀድሞ መውጣት ያለበት ዕቃ ኋላ ቀረ። ስለዚህ በጭንቅላታችሁ አትለውጡ። የታተመውን እንዳለ ገልብጣችሁ አጠገቡ እ.ኤ.አ. ጻፉ።

አሁን ያንን ማታ እንደገና እናስበው። 292 ተቆጠረ፣ ከነሱ 3ቱ ረጥበዋል። በማስረከቢያው ወረቀት ላይ፣ በሁሉም ቅጂዎች፣ የሹፌሩ ጭምር፣ «292 (ሁለት መቶ ዘጠና ሁለት) ተረክቤያለሁ፤ 8 ጎድሏል፤ 3 ረጥቧል» ይጻፍና ሹፌሩም ይፈርም። በፊደል መጻፉ ቁጥሩ እንዳይነካካ ነው። ሹፌሩ አልፈርምም ካለ ይህንኑ ጽፋችሁ ምስክር አስፈርሙ፤ ሳይሄድም ላኪው ጋ ደውሉ።

የገቢ ደረሰኙ የሚቆረጠው በ289 ነው። ሦስቱ እርጥቦች ላኪው እስኪወስን ቀይ ምልክት ተለጥፎባቸው ለብቻ ይቀመጣሉ፤ ከደህናው ጋር ከተቀላቀሉ አለቀ፣ ይሸጣሉ። መንግሥት ቤት የምትሠሩ ሞዴል 19 ነው የምትቆርጡት፤ ነገሩ ያው ነው። ቢን ካርዱም በዚያው ዕለት 289 ይላል። «የቀረውን ነገ ያመጣሉ፣ 300 በለው» የሚል አለቃ ይመጣል። ገንዘብ ያዡ የሚከፍለው ደረሰኛችሁን ከላኪው ፋክቱርና ከትዕዛዙ ጋር አስተያይቶ ነው። 300 ካላችሁ የ300 ይከፈላል፣ ነገ የሚመጣው ዕቃም አይመጣም። ከመጣ ደግሞ ሌላ ደረሰኝ ይቆረጥለታል።

መመሪያዬ ላይ በመጨረሻ የጨመርኩት መስመር የማታ ጭነትን የሚመለከት ነው። ከመሸ አናወርድም፤ መኪናው ግቢ ውስጥ ሸራው እንደታሰረ ያድራል፣ ጠዋት ሹፌሩ ባለበት ይፈታል። የግድ ማውረድ ካለብን ወረቀቱ ላይ «ሳይቆጠር የወረደ» ተብሎ ይጻፋል፣ ዕቃው ለብቻው ይቆለፍበታል፣ አንዱ ቁልፍ ሹፌሩ ጋ ያድራል። የመጀመሪያው ሹፌር ቁልፉን ስሰጠው ሳቀብኝ። ጠዋት ግን ሲቆጠር ከኔ በፊት ነበር የደረሰው።