የውሃ ድርጅትን ለሁለት መክፈል ለምን አያዋጣም?

«ሞኖፖሊ መጥፎ ከሆነ መንግሥት የውሃ ድርጅቱን ለሁለት ከፍሎ ለምን አያወዳድራቸውም?»

ጣጣው ያለው ቧንቧው ላይ ነው። 10,000 ቤቶች ያሉት ከተማ እንውሰድ። የቧንቧ መስመሩ ቋሚ ወጪ በዓመት 10 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ውሃውን አጣርቶ ወደ አንድ ቤት ለማድረስ ደግሞ በዓመት 200 ብር ይጨመራል። ድርጅቱ አንድ ከሆነ ለአንድ ቤት 1,200 ይወጣል። ሁለት ከሆኑ ግን እያንዳንዱ የራሱን ቧንቧ መቅበር አለበት። ቤቶቹን እኩል ቢካፈሉ ወጪው በቤት 2,200 ይገባል።

ውድድሩም አይዘልቅም። የተቀበረ ቧንቧ ተነቅሎ አይሸጥም፤ ገንዘቡ አንዴ ከወጣ በኋላ ደንበኛ ከማጣት ከ200 ትንሽ ከፍ ያለ ዋጋም ይሻላል። ስለዚህ ዋጋ እየሰበሩ ወደ 200 ይወርዳሉ፣ አንዱ ይከስራል፣ የተረፈው ያሻውን ያስከፍላል።

ለዚህ ነው አንድ ድርጅት ብቻ እንዲሠራ አድርጎ ዋጋውን መቆጣጠር የሚሻለው። ተቆጣጣሪው 200 ብሎ ቢወስን ድርጅቱ ይወድቃል፤ ስለዚህ ወደ 1,200 ይጠጋል። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ጋ ነው። «ያወጣኸውን ሁሉ እንመልስልሃለን» ከተባለ ማን ይቆጥባል? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ውሃን ወደ ግል ስታዞር የዋጋ ጣሪያ ያደረገችው ለዚህ ነው። ጣሪያው ለተወሰኑ ዓመታት ይጸናል፣ በዚያ ጊዜ ወጪውን የቀነሰ ትርፉ የራሱ ነው። ግን ጥገናን በመተውም ወጪ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከመስመሩ አፈትልኮ የሚባክነው ውሃም አብሮ መለካት አለበት።